ሁሉም የሚዘጋው፣ አንዱ ብቻ የሚከፍተው ጓጉንቸር፦ ፕራይም ቁጥሮችና የስልካችን ምስጢር



ከዶርማችሁ ሆናችሁ በባንክ አፕ ገንዘብ ስትልኩ መልእክቱ በቀጥታ ባንኩ ዘንድ አይደርስም። መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው የዋይፋይ መሣሪያ በኩል ያልፋል። ከዚያ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ፣ ቀጥሎም በቴሌኮሙ መስመር ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ የሚያልፈውን ሁሉ መቅዳት ይችላል። ይሁንና የቀዳው ሰው ፒናችሁን ማንበብ አይችልም። በመካከል የቆመው መከላከያ የብረት በር ወይም የጥበቃ ሠራተኛ አይደለም። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል የተማርነው ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ በአማርኛ መጽሐፍ “ብቸኛ ቁጥር”፣ በክፍል ቋንቋችን ደግሞ ፕራይም ቁጥር የምንለው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ቁጥር እንዴት ምስጢር እንደሚጠብቅ በወረቀትና በእስክሪብቶ ሊሠራ በሚችል ምሳሌ እናያለን። የት ላይ እንደሚከሽፍም እንመለከታለን።

ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ምስጢር

በድሮው የምስጢር አጻጻፍ ላኪውም ተቀባዩም አስቀድመው አንድ ዓይነት ቁልፍ ሊኖራቸው ይገባ ነበር። ላኪው በዚያ ቁልፍ ይዘጋል፣ ተቀባዩም በዚያው ይከፍታል። ችግሩ ቁልፉን እንዴት እንስጠው የሚለው ነው። እናንተና የባንኩ ሰርቨር ከዚህ በፊት ተገናኝታችሁ አታውቁም። ሰርቨሩ ቁልፉን በዚያው መስመር ቢልክላችሁ መስመሩን የሚያዳምጠው ሰው አብሮ ይወስደዋል።

በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ፤ የሚዘጋውና የሚከፍተው ቁልፍ ለምን አንድ ይሆናል? ጓጉንቸርን አስቡ። ክፍት ጓጉንቸር ለማንም ብትሰጡት ሳጥኑ ላይ አድርጎ ቀጭ ማድረግ ይችላል። ለመዝጋት ቁልፍ አያስፈልገውም። ለመክፈት ግን ቁልፉ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከእናንተ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ባንኩ ክፍት ጓጉንቸሩን ለዓለም ሁሉ ቢበትን ምንም አይጎዳም።

ይህን ጓጉንቸር በቁጥር የሠሩት በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላትም አርኤስኤ ተባለ። ክሊፎርድ ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1973 ይህንኑ ዘዴ ለመንግሥቱ የስለላ ተቋም አግኝቶ ነበር። ነገር ግን እስከ 1997 ድረስ በምስጢር ተይዞ ስለቆየ ዓለም ያወቀው ከሦስቱ ነው።

ማባዛት ቀላል፣ መመለስ ከባድ

የጓጉንቸሩ ብረት ምንድን ነው? 53ን በ61 አባዙ ብትባሉ በግማሽ ደቂቃ 3233 ትላላችሁ። 3233 የየትኞቹ ሁለት ፕራይሞች ብዜት ነው ብትባሉ ግን ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7 እያላችሁ መሞከር ትጀምራላችሁ። 53 ላይ የምትደርሱት በ16ኛው ሙከራ ነው። ወደፊት መሄዱ አንድ እርምጃ ሲሆን ወደኋላ መመለሱ ፍለጋ ነው።

በትንንሽ ቁጥሮች ልዩነቱ ብዙም አይታይም። አሃዙ ሲጨምር ግን ማባዛቱ በጥቂቱ ሲረዝም፣ ወደኋላ መመለሱ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የአርኤስኤ ቁጥር 2048 ቢት ነው፤ በእኛ አጻጻፍ 617 አሃዝ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ወደ 309 አሃዝ ያላቸውን ሁለት ፕራይሞች ስልካችሁ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ያባዛቸዋል። ውጤቱን መልሶ እንደበተነ የተረጋገጠለት ሰው ግን እስካሁን የለም።

ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሁለት ፈተናዎች መገመት ይቻላል። በ1977 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ማርቲን ጋርድነር ባለ 129 አሃዝ ቁጥር አወጣ፤ የሚበትነው ሰው 100 ዶላር እንደሚሸለምም ተነገረ። ያኔ ለዚህ ሥራ የሰው ዕድሜ ቀርቶ የምድር ዕድሜ እንደማይበቃ ተገምቶ ነበር። በ1994 ግን 600 የሚያህሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት አስተባብረው በወራት ውስጥ በተኑት። በ2020 ደግሞ ባለ 250 አሃዝ ቁጥር ተበተነ። ለዚህ የወጣው ጉልበት አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢሠራው ወደ 2700 ዓመት የሚፈጅ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የኮምፒውተሩ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመበተኛው ዘዴም እየተሻሻለ ነው፤ ስለዚህ የቁጥሩ ርዝመት በየጊዜው መጨመር ነበረበት። ሁለተኛ፣ መበተን ከባድ ለመሆኑ የሒሳብ ማረጋገጫ የለም። ብዙ ብልህ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሞክረው ቀላል መንገድ አላገኙም፤ በእጃችን ያለው ይህ ብቻ ነው።

በ55 የተሠራ ጓጉንቸር

አሁን ጓጉንቸሩን ራሳችን እንሥራው። ባንኩ 5ንና 11ን መረጠ እንበል። ሲያባዛቸው 55 ይሆናል። ከዚያ ከእያንዳንዳቸው 1 ቀንሶ 4ን በ10 ያባዛል፤ 40 ያገኛል። ይህን 40 ለማንም አይናገርም። ቀጥሎ ከ40 ጋር የጋራ አካፋይ የሌለው ትንሽ ቁጥር ይመርጣል፤ 3 ይሁን። በመጨረሻም በ3 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል 1 የሚተርፈውን ቁጥር ይፈልጋል። ያ ቁጥር 27 ነው፤ 3 ጊዜ 27 እኩል ይሆናል 81፣ ይኸውም ሁለት ጊዜ 40 ሲደመር 1 ነው።

ባንኩ 55ንና 3ን ለዓለም ይናገራል። ይህ ክፍቱ ጓጉንቸር፣ ማለትም የይፋ ቁልፉ ነው። 27ን ግን ይደብቃል፤ የግል ቁልፉ ይህ ነው።

እናንተ 8 የሚለውን ቁጥር በምስጢር መላክ ፈለጋችሁ። 8ን ሦስት ጊዜ ታባዙታላችሁ፤ 8×8×8 = 512። ለ55 ስታካፍሉት 17 ይተርፋል። የምትልኩት 17ን ነው። መስመሩን የሚያዳምጠው ሰው 55ን፣ 3ንና 17ን አይቷል፤ 8ን ግን አላየም።

ባንኩ ለመክፈት የ17ን 27ኛ ርቢ ለ55 አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። 17ን 27 ጊዜ መደርደር አያስፈልገውም። እያካፈለ ቀሪውን ብቻ እየያዘ፣ የያዘውን በራሱ ያባዛዋል። 17 በ17 ሲባዛ 289 ነው፤ ቀሪው 14 ይሆናል። 14 በራሱ 196 ሲሆን ቀሪው 31 ነው። 31 በራሱ 961 ሲሆን ቀሪው 26 ነው። 26 በራሱ 676 ሲሆን ቀሪው 16 ነው። በዚህ መንገድ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 8ኛውንና 16ኛውን ርቢ አገኘ። 27 ደግሞ የ16፣ የ8፣ የ2ና የ1 ድምር ነው። ስለዚህ 16ን በ26 ያባዛል፣ ቀሪው 31፤ 31ን በ14፣ ቀሪው 49፤ 49ን በ17፣ ውጤቱ 833፣ ቀሪው 8። ምስጢሩ ተከፈተ። ፓይተን ያላችሁ ሁለቱን ስሌት እንዲህ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ፦

```
pow(8, 3, 55)
pow(17, 27, 55)
```

የመጀመሪያው 17፣ ሁለተኛው 8 ይመልሳል።

ለምን ሠራ? ቀሪን በ55 ስንቆጥር ርቢዎች በዙር ይመለሳሉ። የማንኛውም ቁጥር 41ኛ ርቢ ራሱን ቁጥሩን ይሰጣል፤ 81ኛውም እንዲሁ፤ በየ40ው ይመለሳልና። እናንተ 3ኛ ርቢ ወሰዳችሁ፣ ባንኩ የዚያን 27ኛ ርቢ ወሰደ። በድምሩ 81ኛ ርቢ ተወሰደ ማለት ነው፤ 8 ወደ ራሱ ተመለሰ። የምስጢሩ ሁሉ መሠረት ያ 40 ነው። 40ን ለማወቅ ደግሞ 55 የ5ና የ11 ብዜት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ55 ይህ የሕፃን ሥራ ነው። ባለ 617 አሃዝ ሲሆን ግን ከላይ ያየነው ተራራ ይገጥማል።

በእውነተኛው ሥራ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ባለ አራት አሃዝ ፒን 10,000 ዓይነት ብቻ ነው። ፒኑ እንዲሁ ባዶውን ቢመሰጠር ሌባው 55ንና 3ን የመሰለውን የይፋ ቁልፍ ይዞ 10,000ዎቹንም ራሱ እየመሰጠረ ከተላከው ጋር ማወዳደር ይችላል። ምንም ሳይበትን ያገኘዋል። ስለዚህ ከመመስጠሩ በፊት ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ይቀላቀልበታል፤ ያው ፒን ሁለት ጊዜ ቢላክ እንኳ ሁለት የተለያየ ነገር ሆኖ ይታያል።

ፕራይሞቹ ከየት ይመጣሉ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ትልልቅ ቁጥሮችን መበተን ካልቻልን፣ ባለ 309 አሃዝ ቁጥር ፕራይም መሆኑን እንዴት እናውቃለን? መልሱ አካፋዮቹን ሳይፈልጉ ፕራይምነትን መለየት መቻሉ ነው።

ከዚህ መንገድ ፈር ቀዳጆች አንዱ በበስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሰም ነው። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ይህን ጠባይ ተገንዝቦ ነበር፦ ከአንድ ፕራይም በታች ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አባዝተህ 1 ብትጨምርበት ውጤቱ ለዚያ ፕራይም ያለ ቀሪ ይካፈላል። በ7 እንሞክር። ከ1 እስከ 6 ያሉት ሲባዙ 720፤ 1 ሲጨመር 721፤ ይህም 103 ጊዜ 7 ነው። በ6 ብንሞክር ከ1 እስከ 5 ያሉት 120፣ 1 ሲጨመር 121፤ ለ6 አይካፈልም። ይህ ጠባይ ዛሬ በአንድ እንግሊዛዊ ስም የዊልሰን ቲዎረም ተብሎ ይጠራል። ፈጽሞ አይሳሳትም፤ ግን ባለ 309 አሃዝ ቁጥር ላይ ያን ሁሉ ቁጥር አባዝቶ የሚጨርስ ኮምፒውተር የለም።

በሥራ ላይ የዋለው የፈረንሳዊው ፌርማ ጠባይ ነው። ቁጥሩ ፕራይም ከሆነ፣ የ2 ርቢ ከቁጥሩ በአንድ አንሶ ሲወሰድና ለቁጥሩ ሲካፈል 1 ይተርፋል (2 ራሱ ሲቀር)። በ15 እንየው። የ2 14ኛ ርቢ ለ15 ሲካፈል 4 ይተርፋል እንጂ 1 አይደለም። 15 ፕራይም እንዳልሆነ 3ንም 5ንም ሳናገኝ አወቅን። ርቢውን ከላይ እንዳየነው በራሱ እያባዙ መውሰድ ስለሚቻል ለትልቅ ቁጥርም ፈጣን ነው። አንዳንድ አታላይ ቁጥሮች ግን አሉ። 341 የ11ና የ31 ብዜት ሆኖ ሳለ ይህን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ ሚለር–ራቢን የሚባል የጠበቀ ፈተና በተለያዩ ቁጥሮች ደጋግሞ ይሠራበታል፤ የመታለል ዕድሉም ከግምት የማይገባ ይሆናል።

ፕራይም የማለቅ ስጋት የለም። በዚያ ርዝመት ካሉት ጎዶሎ ቁጥሮች በአማካይ ከ355 አንዱ ፕራይም ነው። ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ይመርጣል፣ ይፈትናል፣ ካልሆነ ሌላ ይመርጣል። በጥቂት መቶ ሙከራ ያገኛል። በጠቅላላ ያሉት ፕራይሞች ብዛታቸው ሲጻፍ ራሱ ከ300 አሃዝ ይበልጣል። ሁለት መሣሪያዎች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ፕራይም ሊመርጡ አይችሉም ማለት ይቻላል፤ የዘፈቀደ ምርጫቸው እውነተኛ ዘፈቀደ ከሆነ።

ሁለት መሣሪያዎች አንድ ፕራይም ሲጋሩ

ያ “ከሆነ” በ2012 ዋጋ አስከፈለ። ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በኢንተርኔት ላይ የሚታዩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የይፋ ቁልፎችን ሰብስበው እርስ በርስ አወዳደሩ። አንዱ ቡድን ካያቸው አድራሻዎች ውስጥ የ0.5 በመቶዎቹን የግል ቁልፍ ማውጣት ቻለ። ያንን ያደረጉት ትልቁን ቁጥር በመበተን አልነበረም።

እንዴት እንደሆነ በትንሽ ምሳሌ እንየው። አንድ መሣሪያ 53ንና 61ን መርጦ 3233ን ለዓለም ተናገረ። ሌላ መሣሪያ ደግሞ 53ንና 71ን መርጦ 3763ን ተናገረ። 53 በሁለቱም ውስጥ አለ፤ ማንም ግን አላወቀም። አሁን የሁለቱን ትልቁን የጋራ አካፋይ በኤውክሊድ ዘዴ እንፈልግ። 3763 ሲቀነስ 3233፣ 530 ይተርፋል። 3233 ለ530 ሲካፈል 53 ይተርፋል። 530 ለ53 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። አለቀ፤ የጋራ አካፋዩ 53 ነው። በሦስት እርምጃ ሁለቱም ጓጉንቸሮች ተከፈቱ። ይህ ዘዴ ባለ 617 አሃዝ ቁጥሮች ላይም እጅግ ፈጣን ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው የማይደፈር ሆኖ ሳለ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ ተጋለጡ።

ምክንያቱ ሒሳቡ አልነበረም። ከተጋለጡት አብዛኞቹ ራውተርና ፋየርዎል የመሳሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። እነዚህ መጀመሪያ ሲበሩ ወዲያው ቁልፍ ያመርታሉ። በዚያ ቅጽበት ግን ዘፈቀደ የሚቀዱበት ነገር ገና የላቸውም፤ ኪቦርድ የሚነካ ሰው የለም፣ ሃርድ ዲስክም የለም። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መሣሪያዎች ከአንድ መነሻ ተነስተው አንድ ዓይነት የመጀመሪያ ፕራይም ላይ ይደርሳሉ። የትላልቅ ድርጅቶች ሰርቨሮች በአብዛኛው ከዚህ የተጠበቁ ነበሩ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ከዚህ የሚይዙት ነገር ይኖራል፤ ቁልፍ የሚያመርት ኮድ ስትጽፉ ተራውን `random` ሳይሆን ለምስጢር የተዘጋጀውን እንደ `secrets` ያለውን ተጠቀሙ።

የግል መልእክት፦ ቁልፉን በአደባባይ መስማማት

በመልእክት መላላኪያ አፖች ፕራይም በሌላ መንገድ ይገባል። ዲፊና ሄልማን በዚያው 1976 ያቀረቡት ዘዴ ሁለት ሰዎች ሁሉም እየሰማቸው አንድ ምስጢር ላይ እንዲደርሱ ያደርጋል።

ጂዳ ያለች እህትና አዳማ ያለ ወንድሟ ሊጻጻፉ ነው። ፕራይሙ 29፣ መነሻው ቁጥር 2 እንደሆነ ለሁሉም የታወቀ ነው። እህት በልቧ 5ን ትይዛለች፤ የ2ን 5ኛ ርቢ ለ29 አካፍላ ቀሪውን፣ ማለትም 3ን ትልካለች። ወንድም በልቡ 9ን ይይዛል፤ 512ን ለ29 አካፍሎ ቀሪውን 19ን ይልካል። እህት የደረሳትን 19 በ5ኛ ርቢ ታነሳለች፤ ቀሪው 21 ነው። ወንድም የደረሰውን 3 በ9ኛ ርቢ ያነሳል፤ 19683 ለ29 ሲካፈል ቀሪው 21 ነው። ሁለቱም 21 ላይ ደረሱ፤ 21 ግን በመስመሩ ላይ አልተላከም። ከዚህ በኋላ መልእክታቸው የሚመሰጠረው ይህን የጋራ ቁጥር መሠረት ባደረገ ፈጣን ዘዴ ነው።

አዳማጩ 3ንና 19ን ይዟል። ወደ ምስጢሩ ለመድረስ “2 ስንተኛ ርቢው ላይ 3 ይተርፋል?” የሚለውን መመለስ አለበት። ፕራይም ለምን እንዳስፈለገ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ29 ስንቆጥር የ2 ርቢዎች ከ1 እስከ 28 ያሉትን ቀሪዎች ሁሉ አዳርሰው ነው የሚመለሱት። በ29 ፈንታ 30ን ብንወስድ ግን 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይልና ወዲያው 2 ላይ ይመለሳል። አዳማጩ አራት ነገር ብቻ ሞክሮ ይጨርሳል። ጥሩ ፕራይም ዙሩን ያረዝመዋል፤ መደበቂያውንም ያሰፋዋል።

ቴሌግራም በ“ሲክሬት ቻት” የሚጠቀመው ይህንኑ ዘዴ በ2048 ቢት ፕራይም ነው። ከፕራይሙ 1 ተቀንሶ ለ2 ሲካፈል የሚገኘውም ፕራይም እንዲሆን ይፈለጋል፤ ይህም ዙሩ በትንንሽ ቁራጮች እንዳይከፋፈል ነው። ዋትስአፕና ሲግናል ደግሞ 2²⁵⁵ − 19 የሆነውን ፕራይም ይጠቀማሉ። እነሱ በተራ ቁጥሮች ፈንታ ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባል መስመር ላይ ባሉ ነጥቦች ስለሚያሰሉ በአጭር ፕራይም ያው ጥንካሬ ይገኛል።

አንድ ልብ የሚባል ልዩነት አለ። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕ የሚመሰጠረው በስልካችሁና በቴሌግራም ሰርቨር መካከል ነው። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ድርጅቱ ሊከፍተው ይችላል። በሲክሬት ቻት ግን ቁልፉ በሁለቱ ስልኮች ብቻ ይቀራል። የጀመዓችሁን ወይም የቤተሰባችሁን ጉዳይ የምትጽፉበትን ስትመርጡ ይህን እወቁ።

ሒሳቡ የማይመልሰው ጥያቄ

ከላይ ያየነው ሁሉ ከአንድ ሰው ጋር ምስጢር ያስማማናል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። በእህትና በወንድም መካከል አንድ ሌባ ቢቆም ከእህት ጋር እንደ ወንድም፣ ከወንድም ጋር እንደ እህት ሆኖ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ሊስማማ ይችላል። ሁለቱም ምስጢራቸው የተጠበቀ ይመስላቸዋል።

ለክፍያ መፍትሔው ፊርማ ነው። የአርኤስኤ ጓጉንቸር ተገልብጦ ይሠራል። ባንኩ 17ን በግል ቁልፉ 27ኛ ርቢ ሲያነሳ 8 ያገኛል፤ ይህንንም አያይዞ ይልካል። ማንም ሰው 8ን በ3ኛ ርቢ አንስቶ 17 ማግኘቱን ያረጋግጣል። 27ን የማያውቅ ሰው ያንን 8 ሊያዘጋጅ አይችልም ነበር። ዛሬ በዘመናዊ ድረ ገጾች የአርኤስኤ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ምስጢሩን የሚያስማማው የዲፊና ሄልማን ዘዴ ሲሆን፣ “እኔ እውነተኛው ባንክ ነኝ” የሚለው ደግሞ ፊርማው ነው። ያ የይፋ ቁልፍ የዚያ ድረ ገጽ መሆኑን ብሮውዘሩ የሚያምነው ሌላ ተቋም በሰርተፍኬት ይመሰክርለታል። ብሮውዘሩ ላይ ከአድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ነክታችሁ ሰርተፍኬቱን ብትከፍቱ፣ ብዙ ጊዜ `RSA` እና `2048` የሚሉትን ታገኛላችሁ። ከሥሩ የተደረደረው ረጅም ቁጥር የእኛ 55 ታላቅ ወንድም ነው።

ምስክሩ ግን የሚመሰክረው ለአድራሻው ስም ብቻ ነው። የባንካችሁን ስም በአንድ ፊደል ቀይሮ ድረ ገጽ የከፈተ አጭበርባሪም ለዚያ ለተቀየረው ስም ትክክለኛ ሰርተፍኬት ማግኘት ይችላል። ምስጢራችሁ በደንብ ተቆልፎ በቀጥታ ሌባው እጅ ይገባል። ስለዚህ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት በተላከላችሁ ሊንክ ገብታችሁ ፒን አታስገቡ፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ብሮውዘሩ ሰርተፍኬቱ ላይ ችግር አለ ብሎ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያሳይም “ቀጥል” ብላችሁ አትለፉ። በካምፓስ ዋይፋይ ላይ መሀል የቆመ ሰው የሚታወቀው በዚያ ነው።

ለመልእክት ደግሞ ዋትስአፕ ላይ የሰውየውን ስም ነክታችሁ “ኢንክሪፕሽን” የሚለውን ስትከፍቱ 60 አሃዝ ይታያል። በአካል ስትገናኙ የሁለታችሁ ስልክ አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ መሀል ላይ ማንም የለም። ቁጥሩ የሚቀየረው ወዳጃችሁ ስልክ ሲቀይር ወይም አፑን እንደገና ሲጭን ነው። ያ ሳይሆን ከተቀየረ፣ በተለይም ወዲያው “ገንዘብ ላክልኝ” የሚል መልእክት ከተከተለ፣ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ።

ደግሞ ይህ ሁሉ የሚመለከተው በኢንተርኔት የሚሄደውን ነው። በኮከብና በመሰላል የሚደወለው የሞባይል ክፍያ በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ጥበቃው በቴሌኮሙ መረብ ላይ የተመሠረተ ነው።

የወደፊቱንም በአጭሩ እንንካው። በ1994 ፒተር ሾር በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ቢሠራ ትልልቅ ቁጥሮችን በቀላሉ መበተን እንደሚችል አሳየ። ያው ዘዴ የዲፊና ሄልማንንም ይሰብራል። ዛሬ የተቀዳ መልእክት ያ ቀን ሲመጣ ሊከፈት ስለሚችል፣ ሲግናል ከ2023 ጀምሮ በነባሩ ላይ በፕራይም ብዜት ያልተመሠረተ ሌላ ቁልፍ ደርቧል፤ ሰባሪው ሁለቱንም መስበር ይኖርበታል።

እስከዚያው ግን ፒናችሁን የሚጠብቁት ሁለቱ ፕራይሞች ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን ለመበተን አይደክምም። ይልቅ ወደ እናንተ ደውሎ ፒናችሁን ይጠይቃል።